የቢራ ገብስ ግዥና የገንዘብ ዙር፦ የኅብረት ሥራ ማኅበር ብር ወጥቶ በስንት ቀን ይመለሳል?

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በፋርጣ በኩል እስከ ጉና ተራራ ግርጌና እስከ ላይ ጋይንት በተዘረጋው የደቡብ ጎንደር ደጋ ገብስ የቆየ ሰብል ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የቢራ ገብስ ለአርሶ አደሩ የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። ምርቱ ከእርሻ ወደ ብቅል ፋብሪካ ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። መሠረታዊ ማኅበሩ ከአባላቱ ይገዛል፤ በዩኒየኑ በኩል ለፋብሪካ ያስረክባል። በዚህ ግዥ ላይ በተደጋጋሚ የሚነሣ አንድ ቅሬታ አለ። ማኅበሩ ግዥውን በጥሩ ሁኔታ ይጀምራል፤ ጥር አጋማሽ ላይ ግን «ብር አልቋል» ብሎ ሚዛኑን ያጥፋል። ገብሱን በአህያ ጭኖ የመጣው አባል መልሶ ወደ ቤቱ አይወስደውም፤ በአቅራቢያው ላለ ሰብሳቢ ነጋዴ በቀነሰ ዋጋ ሸጦ ይሄዳል።

በዚህ ጊዜ የማኅበሩ መዝገብ ቢታይ ኪሳራ አይገኝበትም፤ በሽያጩ ላይ ትርፍ አለ። የጠፋም ብር የለም። ከፊሉ በመጋዘን ውስጥ ገብስ ሆኖ ተቀምጧል፤ ከፊሉ ደግሞ ከገዥው ገና አልተሰበሰበም። ይህን ሁኔታ በቁጥር የሚያሳየው ስሌት የገንዘብ ዙር ይባላል። ዙሩ አንድ ብር ለግዥ ከማኅበሩ ካዝና ከወጣበት ቀን አንሥቶ ከሽያጭ ተሰብስቦ እስከሚመለስበት ቀን ያለው ጊዜ ነው። ሐሳቡን በዛሬው መልኩ ያቀረቡት ሪቻርድስና ላፍሊን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የፋይናንስ ምሁራን ሲሆኑ ጽሑፋቸው በ1980 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የድርጅትን የመክፈል አቅም በዓመት መዝጊያ ላይ ባለው ንብረትና ዕዳ ብቻ መመዘን አሳሳች መሆኑን በመግለጽ በምትኩ ቀናትን መቁጠር እንደሚሻል አስረድተዋል። ለወቅታዊ የሰብል ግዥ ይህ አቀራረብ በተለይ ይስማማል።

ሦስቱ ቀናት

የገንዘብ ዙር ከሦስት ቁጥሮች ይገኛል። የመጀመሪያው የክምችት ቀናት ሲሆን የተገዛው ገብስ ተጭኖ እስኪወጣ በመጋዘን የሚቆይበት አማካይ ጊዜ ነው። ሁለተኛው የተሰብሳቢ ቀናት ይባላል፤ ገብሱ ከመጋዘን ከወጣ በኋላ ክፍያው በማኅበሩ ሒሳብ እስኪገባ ያለውን ጊዜ ያመለክታል። ሦስተኛው የተከፋይ ቀናት ነው። ይህም ማኅበሩ ገብሱን ከተረከበ በኋላ ለአባሉ እስኪከፍል የሚቆይበትን ጊዜ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይደመራሉ፤ ሦስተኛው ይቀነሳል። የሚቀነስበት ምክንያት ማኅበሩ ዋጋውን ሳይከፍል በቆየባቸው ቀናት የራሱ ብር ገና ያልወጣ በመሆኑ ነው።

አሠራሩን ለማሳየት የሚከተለው ምሳሌ ተዘጋጅቷል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የአንድ የተለየ ማኅበር ሒሳብ ወይም የወቅቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ መሠረታዊ ማኅበር ከታኅሣሥ 1 እስከ የካቲት 24 ድረስ ባሉት 84 ቀናት የቢራ ገብስ ይገዛል። ለግዥ የያዘው ገንዘብ 1,500,000 ብር ነው። አንዱን ኩንታል በ5,000 ብር ገዝቶ በ5,300 ብር ያስረክባል። ከ300 ብሩ ልዩነት የጆንያ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የማጓጓዣና ሌሎች ወጪዎች ሲነሡ በኩንታል 120 ብር ይተርፈዋል። አባላቱ በወቅቱ ሊሸጡ የሚፈልጉት ገብስ 1,000 ኩንታል ቢሆንም ማኅበሩ መግዛት የቻለው 600 ኩንታል ነው። 400 ኩንታል ወደ ነጋዴ ሄዷል።

ሒሳብ ሹሙ በየሳምንቱ መጨረሻ በመጋዘን የነበረውን ገብስ፣ ያልተሰበሰበውን ሽያጭና ለአባላት ያልተከፈለውን ገንዘብ መዝግቦ አማካዩን አውጥቷል። አማካይ ክምችቱ 643,000 ብር፣ አማካይ ተሰብሳቢው 984,000 ብር፣ አማካይ ተከፋዩ ደግሞ 71,400 ብር ነው። በ84 ቀናት የተገዛውና የተሸጠው 600 ኩንታል የግዥ ዋጋው 3,000,000 ብር፣ የሽያጭ ዋጋው 3,180,000 ብር ነው። ስሌቱም እንደሚከተለው ነው።

የክምችት ቀናት = 643,000 ÷ 3,000,000 × 84 = 18
የተሰብሳቢ ቀናት = 984,000 ÷ 3,180,000 × 84 = 26
የተከፋይ ቀናት = 71,400 ÷ 3,000,000 × 84 = 2
የገንዘብ ዙር = 18 + 26 − 2 = 42 ቀን

ክምችትና ተከፋይ በግዥ ዋጋ ስለሚመዘገቡ ለግዥ ወጪ ይካፈላሉ። ተሰብሳቢ ግን ትርፉን ጨምሮ ስለሚመዘገብ የሚካፈለው ለሽያጭ ነው። ይህ ልዩነት ካልተጠበቀ የተሰብሳቢ ቀናት ከእውነተኛው በልጦ ይታያል።

የ42 ቀን ዙር ትርጉም ግልጽ ነው። በ84 ቀን የግዥ ወቅት ውስጥ 1,500,000 ብሩ የሚዞረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ 300 ኩንታል 600 ኩንታል ይሆናል። ማኅበሩ 600 ኩንታል ላይ የቆመው በዋጋ ስላልተስማማ ወይም አባላቱ ስላልፈለጉት አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚገዛበት ብር በመንገድ ላይ ስለነበር ነው።

ሃያ ስድስቱ ቀናት የት ሄዱ?

ብዙ ማኅበራት ክፍያ ሲዘገይ ምክንያቱን በቀጥታ ለገዥው ይሰጣሉ። በምሳሌው ያሉት 26 የተሰብሳቢ ቀናት በየደረጃቸው ሲዘረዘሩ ግን ሌላ መልክ ይታያል። መኪናው ከተጫነበት ቀን አንሥቶ ወረፋ ይዞ በፋብሪካው ሚዛን እስኪመዘን 3 ቀን ወስዷል። የናሙናው የጥራት ውጤት እስኪታወቅ 5 ቀን አልፏል። የመረከቢያ ሰነዱ ወደ ማኅበሩ ተመልሶ የክፍያ መጠየቂያው ተዘጋጅቶ እስኪገባ 6 ቀን ሄዷል። ፋብሪካው መጠየቂያው ከደረሰው በኋላ በውሉ መሠረት በ8 ቀን ከፍሏል። ገንዘቡ ዩኒየኑ ሒሳብ ከገባ በኋላ ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ እስኪተላለፍ ደግሞ 4 ቀን ቆይቷል።

በገዥው እጅ የነበረው የመክፈያ ጊዜ 8 ቀን ብቻ ነው። የቀሩት 18 ቀናት በወረፋ፣ በናሙና፣ በወረቀትና በማኅበሩ በራሱ መዋቅር ውስጥ ያለፉ ናቸው። በመሆኑም የውሉን የክፍያ ጊዜ ለማሳጠር ከመደራደር በፊት የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ። መኪናው ከመነሣቱ በፊት በስልክ ተራ ቢያዝ ወረፋው ወደ 2 ቀን ይወርዳል። ናሙናው ገብሱ ገና በመጋዘን ሳለ ቀድሞ ቢላክ በፋብሪካ በር ላይ የሚደረገው ፍተሻ ውጤቱን ከማረጋገጥ አያልፍም፤ 1 ቀን ይበቃዋል። የመረከቢያ ሰነዱ ከሾፌሩ ጋር በኪስ ተይዞ ደብረ ታቦር እስኪደርስ ከመጠበቅ፣ እዚያው ያለ የዩኒየኑ ተወካይ በዕለቱ መጠየቂያውን ቢያስገባ 6 ቀኑ 1 ቀን ይሆናል። ዩኒየኑም ገንዘቡን በማግሥቱ ቢያስተላልፍ ሌላ 3 ቀን ይተርፋል። የፋብሪካው 8 ቀን ሳይነካ የተሰብሳቢ ቀናት ከ26 ወደ 13 ዝቅ ይላል።

ይህን ዝርዝር ለማግኘት የተለየ የሒሳብ ፕሮግራም አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ጭነት ስም አንድ መስመር ተከፍቶ የተጫነበት፣ የተመዘነበት፣ ውጤቱ የታወቀበት፣ መጠየቂያው የገባበት፣ ገንዘቡ ዩኒየኑ የደረሰበትና ማኅበሩ የደረሰበት ቀን ቢጻፍ በቂ ነው። ለዚህ ሰፊ ደብተር ይበቃል። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ቀኖቹን ድርጊቱ በተፈጸመበት ዕለት መጻፍ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ከትዝታ የተሞላ መዝገብ የትኛው ደረጃ እንደዘገየ አያሳይም።

ገብሱ በመጋዘን ለምን 18 ቀን ይቆያል?

ክምችት የሚቆይበት ዋነኛ ምክንያት ትልቁ መኪና እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ከደብረ ታቦር በወረታ በኩል ወደ ጎንደር የሚሄድ ጭነት በትልቅ መኪና ሲሆን ለአንድ ኩንታል የሚከፈለው ኪራይ ይቀንሳል። በምሳሌው ማኅበሩ በአነስተኛ መኪና ቶሎ ቶሎ ቢጭን የክምችት ቀናት ከ18 ወደ 10 ይወርዳል፤ ኪራዩ ግን በኩንታል 20 ብር ይጨምራል እንበል። ይህ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

በወለድ ብቻ ከተሰላ መልሱ «አይጠቅምም» ነው። በዓመት 16 በመቶ ወለድ ተበድሮ ለገዛ ማኅበር 5,000 ብርን 8 ቀን ቀድሞ ማስለቀቅ በኩንታል የሚያድነው 17 ብር ከ50 ሳንቲም ያህል ነው። ይህ ከ20 ብር ያንሳል። የማኅበሩ ችግር ግን ወለድ ብቻ አይደለም፤ በብር እጥረት ያልተገዛው 400 ኩንታል ነው። ብሩ ቶሎ ተመልሶ ይህን ገብስ መግዛት ካስቻለ በኩንታል 120 ብር፣ በጠቅላላው 48,000 ብር ይገኛል። በ1,000 ኩንታል ላይ የሚጨምረው ኪራይ 20,000 ብር ነው። ስለዚህ ገብስ ለመሸጥ የሚጠብቁ አባላት እያሉ ብር ላጠረው ማኅበር አነስተኛው መኪና ያዋጣል። ለግዥ የሚበቃ የራሱ ብር ላለው ማኅበር ግን አያዋጣም። ጎረቤት ማኅበራት በቀጠሮ አንድ ትልቅ መኪና በጋራ ቢጭኑ ደግሞ የኪራይ ጭማሪው ሳይኖር ቀኑ ያጥራል። ከሦስቱ አማራጮች ይህ የተሻለ ነው፤ የሚጠይቀውም ዩኒየኑ የጭነት መርሐ ግብር እንዲያወጣ ብቻ ነው።

የክምችት ቀናትን ማሳጠር የማይታለፍ ወሰን አለው። የብቅል ፋብሪካ የሚገዛው የሚበቅል ገብስ ነው፤ የማይበቅል ፍሬ ብቅል አይሆንም። ከታጨደ ብዙ ያልቆየ ገብስ ደግሞ እንደ ዝርያውና እንደ ወቅቱ የአየር ሁኔታ ለተወሰኑ ሳምንታት በተፈጥሮ እንቅልፍ ላይ ስለሚሆን ጤነኛ ፍሬ ሆኖ ሳለ በፍተሻ ላይ ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። በደንብ ያልደረቀ ገብስም በመጋዘን ይሞቃል፤ ይሻግታል፤ የመብቀል ኃይሉንም ያጣል። ቀን ለማትረፍ ተብሎ እርጥበቱ ሳይለካ የተጫነ ገብስ ከፋብሪካ በር ሲመለስ የሁለት ጉዞ ኪራይ ያስከፍላል፤ በመጨረሻም ለምግብ ገብስ በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል። የዚያ ጭነት የገንዘብ ዙር ከሁለት ወር ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው እርጥበት በግዥው ሚዛን ላይ መለካት ያለበት፤ ያልደረቀውን ገብስ አባሉ አድርቆ እንዲመልሰው ማድረግ በመጋዘን ውስጥ ከማድረቅ ይቀላል።

የአባሉን ክፍያ ማዘግየት

በስሌቱ ላይ በጣም ቀላል የሚመስለው መንገድ የተከፋይ ቀናትን ማርዘም ነው። ማኅበሩ ለአባላት በ2 ቀን ፋንታ በ12 ቀን ቢከፍል ዙሩ ያለ ምንም ሥራ በ10 ቀን ያጥራል። በዓለም ላይ በዚህ መንገድ የታወቁ ድርጅቶች አሉ። የአሜሪካው የኮምፒዩተር አምራች ዴል ከደንበኞቹ ቀድሞ ሰብስቦ ለአቅራቢዎቹ ዘግይቶ በመክፈል ዙሩን ከዜሮ በታች አድርሶ ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበር አቅራቢ ግን የማኅበሩ ባለቤት የሆነው አርሶ አደር ነው።

አርሶ አደሩ በታኅሣሥና በጥር ገብስ የሚያወጣው ለገናና ለጥምቀት ወጪ፣ ለልጆች ትምህርትና ለማዳበሪያ ዕዳ ነው። በዚህ ወቅት አሥር ቀን የሚያስጠብቀውን ማኅበር ትቶ ዋጋ ቀንሶም ቢሆን እጅ በእጅ ለሚከፍለው ነጋዴ ይሸጣል። ማኅበሩ በቁጥር ያሳጠረው ዙር በሚቀጥለው የገበያ ቀን ባዶ ሚዛን ሆኖ ይታያል። ከዚህ ይልቅ የተከፋይ ቀናትን ከሌላ ወገን መፈለግ ይሻላል። የጆንያ አቅራቢውና የመኪና ባለቤቱ ጭነቱ ከተረከበ በኋላ እንዲከፈላቸው መስማማት ይቻላል፤ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ማንንም አባል አያስርቅም። ከገዥው ጋር በሚደረገው ውል የቅድሚያ ክፍያ ማግኘት ከተቻለ ደግሞ ውጤቱ የበለጠ ነው፤ የፋብሪካው ብር ከማኅበሩ ብር ቀድሞ ሥራ ይጀምራል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የግብርና ምርት ውል አዋጅ በአምራችና በገዥ መካከል ለሚደረግ ውል የሕግ መሠረት ሰጥቷል። የክፍያ ጊዜ በውሉ ሲጻፍ «በ8 ቀን» ማለት ብቻ አይበቃም። ስምንቱ ቀን ከመመዘኛው፣ ከጥራት ውጤቱ ወይስ ከመጠየቂያው ቀን እንደሚቆጠር መገለጽ አለበት። በምሳሌው ካየነው የ18 ቀን መጓተት ከፊሉ የሚደበቀው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ዙሩ ሲያጥር የሚለቀቀው ብር

የክምችት ቀናት 10፣ የተሰብሳቢ ቀናት 13፣ የተከፋይ ቀናት እንደነበረው 2 ሲሆን አዲሱ ዙር 21 ቀን ይሆናል። አንዱ ብር በ84 ቀን አራት ጊዜ ይዞራል። 1,500,000 ብሩ እስከ 1,200 ኩንታል መግዛት ይችላል፤ አባላቱ የሚያቀርቡት ግን 1,000 ኩንታል ነው።

የተለቀቀውን ገንዘብ ለማወቅ የአንድ ቀን ግዥ ዋጋ ይሰላል። 1,000 ኩንታል በ5,000 ብር ሲገዛ 5,000,000 ብር ነው፤ ለ84 ቀን ሲካፈል በቀን 59,500 ብር ያህል ይሆናል። ዙሩ 42 ቀን ሳለ ሁሉንም ገብስ ለመግዛት 2,500,000 ብር ያስፈልግ ነበር፤ ይህም የ1,000,000 ብር ብድር ማለት ነው። ዙሩ 21 ቀን ሲሆን የሚያስፈልገው 1,250,000 ብር ነው። ብድሩ ይቀራል፤ ከራሱ ከማኅበሩ ገንዘብም 250,000 ብር ይተርፋል። በ16 በመቶ ወለድ የ1,000,000 ብር የ84 ቀን ወለድ 36,800 ብር ያህል እንደሚሆን ሲታሰብ በየመንገዱ የሚባክነው ቀን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይታያል። ከአንድ ሰነድ መዘግየት የተነሣ በሁሉም ጭነቶች ላይ የሚጨመር አንድ ቀን ብቻ 59,500 ብር ይዞ ይቀመጣል።

ይህ ስሌት ግዥው በ84ቱ ቀናት እኩል እንደተከፋፈለ አድርጎ ይወስዳል፤ በእውነቱ ግን ገብሱ የሚመጣው እንዲህ አይደለም። ከገና በፊትና እስከ ጥምቀት ባሉት ሳምንታት ይበረታል፤ በኋላ ይሳሳል። ከ1,000 ኩንታል ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ቢመጣ የቀኑ ግዥ ወደ 89,300 ብር ያድጋል። በ21 ቀን ዙር የሚያስፈልገው ገንዘብም 1,875,000 ብር ይሆናል። ማኅበሩ ካለው በላይ 375,000 ብር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ስለዚህ ዙሩን ያሳጠረ ማኅበርም ለጥቂት ሳምንታት አነስተኛ የአጭር ጊዜ ብድር ሊያስፈልገው ይችላል፤ መጠኑን ግን በግምት ሳይሆን በዚህ ስሌት አስደግፎ ለባንክ ማቅረብ ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ብድር ቤት ወይም ሕንፃ ማስያዝ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ስለሚኖር የዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 በመጋዘን ያለ ምርትንና ያልተሰበሰበ ሒሳብን በዋስትና መያዝን ይፈቅዳል። የዋስትና መብቱም በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር በሚገኘው መዝገብ ይመዘገባል። አበዳሪው ለእንዲህ ዓይነት ዋስትና በተለይ የሚመለከተው የተሰብሳቢውን ዕድሜ ስለሆነ ከላይ የተገለጸው የጭነት መዝገብ እዚህም ያገለግላል። ብድር ግን የገንዘብ ዙሩን አያሳጥርም፤ የዙሩን ርዝመት በወለድ ይሸፍናል።

ስሌቱ የሚያሳስትባቸው ሁኔታዎች

የመጀመሪያው የቀን ምርጫ ነው። የማኅበሩ ዓመታዊ ሒሳብ ሰኔ 30 ሲዘጋ መጋዘኑ ባዶ፣ ተሰብሳቢውም የተጠናቀቀ ስለሚሆን ከዓመታዊ ሪፖርቱ የወጣ የገንዘብ ዙር ዜሮ አካባቢ ይሆናል። በ84ቱ ቀን ፋንታ 365 ቀን ወስዶ ማባዛትም ውጤቱን ያዛባል። የወቅት ሥራ በወቅቱ ቀናት፣ በየሳምንቱ በተቆጠረ ክምችትና ሒሳብ መለካት አለበት።

ሁለተኛው ይበልጥ አሳሳች ነው። ብር ያለቀበት ማኅበር ግዥ ስለሚያቆም መጋዘኑ ባዶ ይሆናል፤ የክምችት ቀናቱም አጭር ሆኖ ይታያል። ሪፖርቱን ያነበበ ሰው አሠራሩ የተሻሻለ ሊመስለው ይችላል። ይህን ለመለየት ከቀናቱ ጎን ለጎን አባላት ያቀረቡት ኩንታልና ማኅበሩ የገዛው ኩንታል በየሳምንቱ መጻፍ አለበት። ከሚዛን የተመለሰ ገብስ ካለ የቀናቱ ማጠር መልካም ዜና አይደለም።

ሦስተኛው አማካይ ቁጥር የሚደብቀው ነው። የተሰብሳቢ ቀናት 13 ሆኖ ሳለ በጥራት ክርክር ምክንያት 60 ቀን የቆየ አንድ ጭነት በውስጡ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ያልተሰበሰቡ ጭነቶች በዕድሜያቸው ተራ ተዘርዝረው ለግዥ ኮሚቴው መቅረብ አለባቸው። ሽያጩ በሚጨምርበት ወቅት የተሰብሳቢ ቀናትም አብሮ ከጨመረ፣ ችግሩ ከአንድ ጭነት አልፎ ወደ ሰነድ አያያዙ ወይም ወደ ክፍያ መዋቅሩ እንደደረሰ ያመለክታል።

ይህን መዝገብ ለመጀመር ድጋፍ የሚፈልግ መሠረታዊ ማኅበር ጥያቄውን በወረዳው ለሚገኘው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል። ያለፈው ወቅት የጭነት ሰነዶች፣ የዩኒየኑ የክፍያ ማስተላለፊያዎችና የማኅበሩ የባንክ መግለጫ ተይዘው ቢቀርቡ የባለፈውን ዓመት ዙር በጭነት በጭነት ማውጣት ይቻላል። ሥራው ከጥቅምት በፊት ቢጠናቀቅ የጭነት መርሐ ግብሩና ከገዥው ጋር የሚደረገው ውል በውጤቱ ላይ ተመሥርተው ሊዘጋጁ ይችላሉ።